«ሰው አለ» እስኪል ድረስ

ሰው ማስለቀስ ቀላል ነው፤ ሽንኩርትም ያስለቅሳል። ጭንቁ ማሳቅ ነው። ደራሲዋ ይህን ላገኘችው ሁሉ ትናገር ነበር። እንጀራዋ ለአጫጭር የካርቱን ፊልሞች ቀልድ መጻፍ ሆኖ ሳለ እሷን ስትስቅ ያያት ግን ጥቂት ነው። ፊቷ ኮስተር ያለ ስለሆነ ጎረቤቶቿ የሒሳብ መምህርት ትመስላቸው ነበር።

የምትጽፈው ብቻዋን አልነበረም። ወንድም ጋሼ የምትለው ታላቅ ወንድሟ አጠገቧ ነበር። እሷ ትጽፋለች፣ እሱ ክፍሉ ውስጥ እየተነሣና እየወደቀ ይጫወትላታል። ለረቂቁም ድምፅ የሚሰጠው እሱ ነው፤ ኋላ ተዋናይ ይተካዋል። ቀልድ ሊፈነዳ ሲል ወንድም ጋሼ ትንፋሹን ስቦ ይይዛል፤ እሷም ያን ጊዜ ወረቀቷ ላይ ምልክት ታደርጋለች። ቀልዱ ከዚያ ከቀደመ ተመልካቹ ገና መጠበቅ አልጀመረም፤ ከዚያ ከዘገየ ደግሞ ቀድሞ ደርሶበት ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ሌላ ሚዛን አልነበራቸውም።

የመጨረሻ ሥራቸው ስለ አንድ በር ነው። ቦርጫም ሰውዬ አዲስ ቤት ይገባል። ከአልጋው ፊት ለፊት ያለው በር ራሱን በራሱ ይከፍታል። ይዘጋዋል፤ ይከፈታል። ወንበር ያስደግፍበታል፤ ይከፈታል። በሦስተኛው ከላይ እስከ ታች በምስማር ይጠረቅመዋል። በሩ ጸጥ ይላል። ሰውዬው አልጋው ላይ ተቀምጦ ያየዋል። እስካሁን ያስፈራው መከፈቱ ነበር፣ አሁን አለመከፈቱ ያስፈራዋል። በመጨረሻ አላስችል ይለውና ተነሥቶ በጣቱ ጫፍ ያንኳኳል። ጸጥታ። ከዚያ ከውስጥ፣ ሥራ እንዳስፈቱት ሰው ድምፅ፣ «ሰው አለ።» ሰውዬው እጁን አጣምሮ ወደ ኋላ ይልና ተራውን ይጠብቃል።

ወንድም ጋሼ እነዚህን ሁለት ቃላት ቀርጾ ወደ ቤቱ ሄደ። በሳምንቱ ልቡ ቀጥ አለ።

ከቀብሩ በኋላ ደራሲዋ ፕሮዲውሰሯን አንድ ነገር ብቻ ለመነቻት፤ ድምፁ በሌላ እንዳይተካ። ፕሮዲውሰሯ ክፉ ሰው አይደለችም፤ ቃል ግን አልሰጠችም። ረቂቁን የቢሮው ሰው አይቶት ማንም ጥርሱን አልገለጠም። አንዷማ መሀል ላይ ፈርታ ተነሥታ መብራት አብርታለች። «ሐሙስ የውጭ ተመልካቾች ይመጣሉ» አለቻት። «ከሳቁ ወንድምሽ ይቆያል። ካልሳቁ ግን ምን ላድርግልሽ?»

ረቂቁ ገና የማይንቀሳቀሱ ሥዕሎች ተደርድረው ድምፅ የተለጠፈባቸው ነው። በኮምፒውተር የሚያቀናጀው ኤዲተር፣ ለመቁረጥ እጁ ስለማይሳሳ፣ መቀሱ ይባላል። ከቀብሩ ማግስት ጀምሮ ደራሲዋ ከጎኑ ተቀምጣ በማንኳኳቱና በመልሱ መካከል ያለውን ጸጥታ ደጋግማ ትሰማለች። «ትንሽ ጨምርበት» ትለዋለች። በማግስቱም፣ «ትንሽ ጨምርበት።»

ጸጥታው ባዶ አልነበረም። ወንድም ጋሼ ከመናገሩ በፊት ማይክሮፎኑ ክፍት ነበር። ስለዚህ ጨምርበት ባለች ቁጥር ከቀረጻው፣ ከቃሉ በፊት ካለው፣ ጥቂት ይገለጣል። በመጀመሪያ የተሳበው ትንፋሹ ተሰማ። ከዚያ ወንበሩ ሲንቋቋ። ከዚያ ከሩቅ እየቀረበ የሚመጣ የእግር ኮቴ። በሥዕሉ ላይ ሰውዬው ያንኳኳል፤ ከበሩ ማዶ እግር ቀስ እያለ ይመጣል፤ አንድ ሰው ይቀመጣል፤ ትንፋሹን ይስባል፤ ይይዛል። ደራሲዋ እዚህ ጋ ስትደርስ ጀርባዋን ይበርዳታል፤ ቢሆንም አትነሣም። የታፈነው ትንፋሽ እየሰማት እንደሆነ ታውቃለች። ምልክት እስክታደርግ የሚጠብቃት ይመስላታል። አንድ ቀን መቀሱ ውኃ ሊጠጣ ወጣ ሲል ከሥዕሉ ጋር እኩል ጠረጴዛውን በጣቷ አንኳኳች። የጆሮ ማዳመጫው ውስጥ እግሩ ቆመ። ሁልጊዜም እዚያው ላይ እንደሚቆም ታውቃለች፤ ያም ሆኖ ጸጉሯ ቆመ።

መቀሱም ልቡ ተሸብሯል። እዚያ ቦታ ላይ ሲደርስ ማዳመጫውን ከጆሮው ማራቅ ጀምሮ ነበር። ረቡዕ ከሰዓት ግን፣ እንደገና ጨምርበት ስትለው፣ እጁን ከኮምፒውተሩ መዳፊት ላይ አነሣ።

«እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እግሩን ካሰማን በኋላ ሰው አለ ቢል ማን ይስቃል? ሰው መኖሩን እኮ አስቀድመን ነገርናቸው።»

ይህን ነገር ደራሲዋ ራሷ ለስንቱ ጀማሪ አስተምራለች፤ የምትደብቀውን ነገር ጥላው እንኳ እንዳይታይ፣ ብላ። ባለሙያ ናት፤ ገብቷታል። የገባት ከመጀመሪያው ቀን ነው፤ ያወቀችውን እንዳላወቀች ሆና ነው እንጂ። እግሩ ካልመጣ፣ ወንበሩ ካልጮኸ፣ ትንፋሹ ካልተሳበ፣ ከወንድም ጋሼ የሚቀራት ሁለት ቃል ብቻ ነው።

«ትንፋሹን ብቻ ብንተውለትስ?» አለች በመጨረሻ።

«የሚያስፈራቸው እሱ ነው» አለ መቀሱ ቀስ ብሎ። «እኔንም።»

«ቁረጠው» አለችው፤ ፊቷንም ወደ ግድግዳው አዞረች።

ከተቆረጠ በኋላ በቦታው ድፍን ዝምታ ሆነ። ድፍን ዝምታ ደግሞ ማሽን የተበላሸ ያስመስላል፤ ስለዚህ ባዶ ክፍል የሚያሰማው እምም የሚል ድምፅ ከሥሩ መነጠፍ አለበት። ወንድም ጋሼ ወደ ቀረጸበት ክፍል ገቡ። ማይክሮፎኑን ከፍተው ሁለቱም ሳይነቃነቁ ቆሙ። ወንበሩ እዚያው ነበር። ደራሲዋ ዓይኗን ወንበሩ ላይ ተክላ፣ የሚሰማ ነገር ይኖራል ብላ ጠበቀች። ፈራች፤ የፈራችው ግን የሚሰማ ነገር እንዳይጠፋ ነበር። ምንም ነገር አልነበረም። ማንም የሌለበትን ክፍል ቀርጸው ወጡ።

አሁን ጸጥታው ምን ያህል ይርዘም? የሚነግራት ትንፋሽ የለም። ሥዕሉን ከማንኳኳቱ አስጀምራ ዓይኗን ጨፈነች። ስትሰማ ስትሰማ የራሷ ደረት ሳታዝዘው አየር ስቦ ያዘ። «እዚህ» አለች። መቀሱ ያየው ርዝመት ከአንድ ሰከንድ እምብዛም አይበልጥም። ከመልሱ በኋላ ግን ለሳቁ ቦታ እንዲኖር የሰውዬውን ፊት ረዘም አድርገው አቆዩት።

ሐሙስ ዕለት ደራሲዋ ከኋላ ተቀመጠች። ሸራውን አላየችም፤ የምታየው የሰዉን ጀርባ ነው። በሩ ሲከፈት ጥቂቶች ፈገግ አሉ። ምስማሩ ሲመታ ዝም አሉ። ሰውዬው ተነሥቶ ሲያንኳኳ ትከሻዎች ሁሉ ወደ ላይ ከፍ ብለው ቀሩ። «ሰው አለ።» አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። አንድ ሽማግሌ ዓይናቸውን እየጠረጉ ሳሉ ፊልሙ አለቀ። ፕሮዲውሰሯ በመተላለፊያው መጥታ ትከሻዋን ጨበጥ አደረገቻትና፣ ይቆያል፣ አለቻት።

ሰዉ ሲወጣ ደራሲዋ አንድ ጊዜ ብቻ እንዲደግምላት መቀሱን ጠየቀችው። ባዶ አዳራሽ ውስጥ ሰውዬው አንኳኳ። መልሱ ወዲያው መጣ። ለካ ድምፁ እንዲህ ነበር። የሚጠብቅ ሰው ድምፅ አልነበረም። የራሱ ጉዳይ ያለው፣ ከማዶ ማን እንደቆመ እንኳ ያልጠየቀ ሰው ድምፅ ነበር። ይህን ሁሉ ሳምንት ትንፋሹን ይዞ የሚጠብቃት መስሏት ነበር። የምትጠብቀው እሷ ብቻ ነበረች። እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

ሸራው ላይ ቦርጫሙ ሰውዬ እጁን አጣምሮ ከበሩ ራቅ አለና ተራውን ሊጠብቅ ቆመ። ያ ረዘም አድርገው ያቆዩት ፊት፣ የሚስቅ ሰው በሌለበት፣ አላልቅ አለ። ዓይኖቹ ቀጥ ብለው ያዩአት ነበር።

«ልድገመው እትዬ?» አለ መቀሱ።

«ተወው» አለችው። «ሰው አለ ብሏል።»