ያልተነበቡት ማዕረጎች

ትርንጎ ቦንጋ ውስጥ ትልቅ ስብሰባ ሲኖር መድረክ የምትመራ ሴት ነበረች። ተወልዳ ያደገችው ሺሺንዳ ነው። ጥቂት ዓመታት አማርኛ ካስተማረች በኋላ በዞኑ ከተማ በቦንጋ በአንድ መሥሪያ ቤት የሕዝብ ግንኙነት ባለሙያ ሆነች። እንግዳ ስታስተዋውቅ ተሰብሳቢው ወሬውን አቁሞ ቀና ይላል። ዘዴዋም የተወሳሰበ አልነበረም። ከፕሮግራሙ በፊት ደውላ የእንግዳውን ስምና ያሉበትን ኃላፊነት ታረጋግጣለች። ከማዕረጎቻቸው ውስጥ ለዕለቱ ጉዳይ የሚስማማውን ትመርጣለች፤ ስማቸውን መጨረሻ ላይ ታሰማለች። ጭብጨባው ስሙን ተከትሎ ይመጣል። ከዚያ በኋላ «ክቡር ኃላፊው» ካለች ይበቃታል።

ዓመቱ ሁለት ሺህ ሁለት ነው። ቢታ ገነት አጠገብ አንድ ጤና ጣቢያ ሊመረቅ ነበር፤ የክብር እንግዳዋ ከሐዋሳ የሚመጡ የክልሉ ጤና ቢሮ ኃላፊ፣ ዶክተር ሠናይት ናቸው። ትርንጎ ማስተዋወቂያውን ጽፋ ለአለቃዋ ለአቶ ከፈለኝ አሳየች። እሱም ከወረቀቱ ላይ ቀና ሳይል፣

«ይኼ ምንድን ነው? እንግዳዋ አንቺ ሰፈር ያሉ ጎረቤት መሰሉሽ?» አላት።

«ክብርት ብያለሁ፣ ዶክተርም ብያለሁ፣ የቢሮ ኃላፊነታቸውንም ጠርቻለሁ። ምን ጎደለ አቶ ከፈለኝ?»

«የማዕከላዊ ኮሚቴ አባልነታቸውስ? የቦርድ ሰብሳቢነታቸውስ? የሴቶች ሊጉስ? ሁሉም ይግባ። በጠራሻቸው ቁጥር ደግሞ ሁሉም ይደገም።»

ትርንጎ ለማስረዳት ሞከረች። ሕዝቡ የመጣው ጤና ጣቢያ ሊመረቅለት ነው፤ ሐኪምነታቸውና የቢሮ ኃላፊነታቸው ከዕለቱ ጋር ይሄዳል፣ የቦርዱ ነገር ግን ምን ያደርግለታል? ደግሞስ አማርኛው ሲያልቅ በአገሬው ቋንቋ በካፊኖኖ ይተረጎማል፤ አንዱ ማዕረግ ሁለት ጊዜ ይሰማል ማለት ነው።

«ሥራሽን ሥሪ» አላት። በማግስቱ ራሱ የጻፈውን አምጥቶ ጠረጴዛዋ ላይ ጣለው። «ክብርት ወይዘሮ ዶክተር» ብሎ ይጀምራል። ዶክተር ካሉ ወይዘሮ እንደማያስፈልግ ብትነግረው እንኳ አልሰማም። ከሁሉ በላይ ያናደዳት ግን ሌላ ነው። የጤና ጣቢያውን መሬት የሰጡት አርሶ አደር፣ ጋሽ ወልደ ጊዮርጊስ፣ ከወረቀቱ ወጥተዋል።

«እሳቸውስ?»

«ሰዓት የለም።»

ለማዕረግ ሰዓት አለ፣ ቡናቸውን ነቅለው መሬታቸውን ለሰጡ ሽማግሌ የለም! ትርንጎ ወረቀቱን ይዛ ከቢሮው ወጣች።

የምረቃው ዕለት ካፊያ ነበር። ሸራ የተዘረጋው ለእንግዶቹ ብቻ ነው። ሕዝቡ፣ ሕፃን ያዘሉ እናቶች ሳይቀሩ፣ ጭቃው ላይ ቆሟል። ጋሽ ወልደ ጊዮርጊስ ከዘራቸውን ተደግፈው ከፊት ተርታ ይታያሉ። ትርንጎ ማይኩን ያዘች፤ አጠገቧ አስተርጓሚው ሔኖክ ቆመ። አቶ ከፈለኝ ሁለተኛው ወንበር ላይ ተቀምጦ ዓይኑን እሷ ከያዘችው ወረቀት አላነሳም።

እሷም እንደታዘዘችው ማንበብ ጀመረች። «ክብርት ወይዘሮ ዶክተር ሠናይት፣ የክልሉ ጤና ቢሮ ኃላፊ፣ የድርጅታችን ማዕከላዊ ኮሚቴ አባል፣ የልማት ቦርዱ ሰብሳቢ፣ የሴቶች ሊግ...»

ሔኖክ እየተከተለ ተረጎመ። «ማዕከላዊ ኮሚቴ» ላይ ትንሽ ተንገዳገደ። «ቦርድ ሰብሳቢ» ላይ ላብ አጠመቀው። ሊጉ ጋ ሲደርስ ቃል አጣለትና በካፊኖኖ፣ «የቀረውም ራሳቸው ናቸው» ብሎ ዘጋው።

ሕዝቡ በሳቅ ፈነዳ። አንዲት እናት ሳቅዋን በነጠላዋ ሸፈነች፤ ወደ ኋላ ያሉት ወጣቶች «የቀረውም! የቀረውም!» እያሉ ተቀባበሉት። ዶክተር ሠናይት ካፊኖኖ አይሰሙም። ስማቸው ተጠርቶ ሰው ሲስቅ ብቻ አዩ። ፊታቸው ተለወጠ፤ ሻርፓቸውን ያለ ምክንያት አስተካከሉ።

ትርንጎ ያን ጊዜ ደሟ ፈላ። ንዴቷ በሳቁት ላይ አልነበረም። እኚህ ሴት መንገዱን ሁሉ ተንገላተው መጥተው፣ ያከበራቸው መስሎት አንድ ሰው መሳቂያ አደረጋቸው! ወረቀቱን አጥፋ ኪሷ ከተተችውና ሕዝቡ ዝም እስኪል ጠበቀች። ከዚያ በዝግታ፣ መጀመሪያ በአማርኛ፣ ቀጥሎ ራሷ በካፊኖኖ እንዲህ አለች፤

«እናቶች ለመውለድ ቃሬዛ ላይ ሆነው ረጅም መንገድ የሚጓዙበት አገር ነው ያለነው። ዛሬ በራችን ላይ የቆመውን ጤና ጣቢያ ሊመርቁልን የመጡት ራሳቸው ሐኪም ናቸው፤ የክልላችን ጤና ቢሮም ኃላፊ ናቸው። ቤቱ የቆመበትን መሬት የሰጡን አባታችን ጋሽ ወልደ ጊዮርጊስ ይቀበሏቸዋል። ክብርት ዶክተር ሠናይት!»

ጭብጨባው ሸራውን አንቀጠቀጠው። ሽማግሌው ከዘራቸውን ለሰው ሰጥተው ሁለት እጃቸውን ዘረጉ፤ ዶክተር ሠናይትም ከወንበራቸው ተነሥተው ወደ ጭቃው ወርደው ጨበጧቸው። ከዚያ ወዲያ ትርንጎ «ክብርት ኃላፊዋ» እያለች ፕሮግራሙን ጨረሰች። እንግዳዋ ሲሄዱ «አመሰግናለሁ እህቴ» ብለዋት መኪናቸው ውስጥ ገቡ።

በሳምንቱ ግምገማ ተጠራ። አቶ ከፈለኝ ሰብሳቢ ሆኖ ተቀምጦ፣ ትርንጎ የአመራሩን ክብር ሆን ብላ አሳንሳለች፣ የተሰጣትን ጽሑፍ ጥሳለች፣ ሕዝቡ እንግዳዋ ላይ እንዲስቅ አድርጋለች አለ።

ትርንጎ ጆሮዋን አላመነችም። «ሕዝቡ የሳቀው የእርስዎ ጽሑፍ ሲነበብ ነው። እኔ ስናገር አጨበጨበ። ሔኖክ አጠገቤ ነበር፤ እሱ ይናገር።»

ሁሉም ወደ ሔኖክ ዞረ። ሔኖክ እስክሪብቶውን እያሽከረከረ፣ «እኔ ትርጉሙ ላይ ስለነበርኩ አላስተዋልኩም» አለ።

«ግለ ሂስሽን አቅርቢ» አላት አቶ ከፈለኝ።

«ምን ብዬ ልሂስ? አክብሬ ጠራኋቸው ብዬ? ክብር የሚባለው ስም ሲቆለል ነው እንዴ? መሬቱን የሰጡትን ሽማግሌ ጭቃ ላይ አቁመን ስማቸውን ሰርዘን ስለ ክብር ልታስተምሩኝ ነው? አላደርገውም!» ብላ ተቀመጠች።

ወሩ ሳይሞላ ጌሻ ወረዳ ደካ ከተማ ተመደበች፤ ወደ መምህርነቷ ተመልሳ። አቤቱታ አስገብታ ነበር፤ የመለሰላት አልተገኘም። ዶክተር ሠናይት የሆነውን ይወቁ አይወቁ ትርንጎ አልሰማችም፤ ደውላም አልነገረቻቸው። «እኔን ለማስጣል እሳቸውን መጎተት ምን ይባላል?» ትላለች።

ቦንጋ ላይ መድረኩን ለሔኖክ ሰጡት። የተሰጠውን ሁሉ ያነብባል። ሰውም እሱ እስኪጨርስ ስልኩን ይነካካል።

ደካ ላይ ትርንጎ ዘጠነኛ ክፍል ማስተማር ጀመረች። ተማሪዎቿን በየተራ እያስነሣች እንግዳ እንዲያስተዋውቁ ታለማምዳቸዋለች። አንዱ እንግዳ ገበሬ ይሆናል፣ አንዱ ሚኒስትር፣ አንዷ አዋላጅ። ዝማሬ የምትባል ልጅ አንድ ቀን «ክቡር፣ የተከበሩ፣ ባለ ታላቅ ማዕረግ» ብላ ስትጀምር ክፍሉ ሳቀ። ትርንጎ ግን አልሳቀችም። «ሰውየው ለምን እዚህ እንደመጡ ንገሪን፤ ከዚያ ስማቸውን ለመስማት እንጓጓለን» አለቻት። ልጅቱ እንደገና ጀመረች።

አንድ የሥራ ባልደረባዋ ዓመታት ካለፉ በኋላ፣ ንዴቱ አልበረደልሽም ወይ ብላ ጠየቀቻት።

«አልበረደም» አለች ትርንጎ። «ከፈለኝን እረሳዋለሁ። 'አላስተዋልኩም' ያለውን ግን አልረሳውም» ብላ የእርማቷን ደብተሮች አቅፋ ወደ ክፍል ገባች።