የተፋቀችው ኖታ

ፋውስቲኖን የሚያውቅ የጣሊያኗ ከተማ የማንቱዋ ሰው ሁሉ ግትርነቱን ያውቃል። ሠላሳ ዓመት በቤተ ክርስቲያን መዘምራን መሃል የኖረ፣ ኋላም ድምፁ ሲሻክር ኪታሮኔ የሚባለውን አንገተ ረጅም ባለ ገመድ መሣሪያ ታቅፎ የተቀመጠ ሰው ነው። «ዜማ እመቤት ናት፣ ቃል ገረድ!» እያለ ጠረጴዛ ይደበድባል። አንድ ልጁ ላቪኒያ ደግሞ ቁርጥ አባቷን ነበረች፤ ግትርነቱን ሳታጎድል ወርሳለች።

«አባባ፣ አምስት ሰው በአምስት ዜማ እየተቀባበለ ሲዘምር፣ አንዱ ‹ፍቅሬ› ሲል ሌላው ‹ሞተ› ይላል። ማን ምን እንዳለ ማን ይሰማል?»

«እግዚአብሔር ይሰማል።»

«እሱማ ሳንዘምርም ይሰማል! እኔ የምዘምረው ለሰው ነው።»

እሷን የያዛት አዲሱ ነገር ነው፤ ያኔ ስም እንኳ በቅጡ ያልወጣለት፣ ከዳር እስከ ዳር በዜማ የሚነገር ተውኔት። አንድ ሰው ብቻውን ቆሞ እንደሚያወራ ሆኖ ይዘምራል። አጃቢው ከሥር አንድ ወፍራም ድምፅ ይዞ ይቆያል፤ ከኖታው ጎን የተጻፉትን ቁጥሮች እያየ የቀረውን በጣቶቹ ይሞላል። ምት አይቆጠርም። ዘማሪዋ ስትተነፍስ ይጠብቃታል፣ ስትቸኩል ይከተላታል። ፋውስቲኖን ያንገበገበው ይኸው ነው። በዚህ ዕድሜው በልጁ ትንፋሽ ሊመራ!

ከዐቢይ ጾም በፊት በሚከበረው የካርኒቫል በዓል ቤተ መንግሥት በሚታየው ተውኔት ላቪኒያ ባሏ ሐይቅ የበላባትን ሴት እንድትሆን ተመረጠች። «ሞተ» የሚለው ቃል ላይ ስትደርስ ድምፅዋ ከሥሩ ካለው ድምፅ ጋር ይጋጫል፤ ያውም በድንገት። በድሮው ሕግ እንዲህ ያለ ኖታ መጀመሪያ ተስማምቶ መሰማት አለበት፤ ባለበት እንደተያዘ የታችኛው ሲንቀሳቀስ ይጋጫል፣ ከዚያ አንድ ደረጃ ወርዶ ይታረቃል። ፋውስቲኖ ወረቀቱን ሲያይ ደሙ ፈላ። ቢላዋ አንስቶ ኖታዋን ፋቃትና በቦታዋ ጣፋጭ፣ ጨዋ ኖታ ጻፈ።

«አባባ፣ ምን አደረጉ?»

«ስህተት አረምኩ።»

«ሰውየው እኮ ሞቷል! ሞት በር አንኳኩቶ፣ አስፈቅዶ ነው እንዴ የሚገባው?»

«ሂጂና ከገረድሽ ጋር ዘምሪ!» ብሏት ወጣ።

ከዚያ በኋላ አልተነጋገሩም። በሦስተኛው ቀን ትኩሳት ጣላት፤ በዘጠነኛው ቀበሯት። ይቅር በይኝ ለማለት እንኳ አልደረሰም።

የላቪኒያ ቦታ ኦርሶላ ለምትባል ዘማሪ ተሰጠ። ፋውስቲኖ ራሱ ሄዶ «የማጅባት እኔ ነኝ» አለ። የፈለገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ልጁ በሕይወት ሳለች ትለምነው እንደነበረው፣ አንዴ እንኳ ሳይቆጥር ጠብቆ መጫወት። ኖታዋን ስለመፋቁ ግን አፍሮ አልተናገረም። ኦርሶላም ያንኑ የታረመውን ወረቀት አጠናች።

በካርኒቫል ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ የተነሳው ጉም አዳራሹ ድረስ ገብቶ ነበር። አጃቢዎቹ ከመጋረጃ ጀርባ ስለተቀመጡ ፋውስቲኖ ኦርሶላን አያያትም፤ የሚመራው በትንፋሿ ብቻ ነው። እግሩ በልማዱ ምት ሊመታ ሲል በሌላኛው እግሩ ረገጠው።

ቃሉ ሲቃረብ ትንፋሽ ሰማ። ከመድረኩ በኩል አልነበረም። እዚሁ፣ በግራ ጆሮው ሥር፣ ላቪኒያ ቤት ውስጥ ትቆምበት በነበረው ቦታ ነው። በተሸረፈ የፊት ጥርስ መሃል ስስ ሆኖ የሚያፏጭ ትንፋሽ። ያንን ጥርስ የሸረፈችው በሰባት ዓመቷ ከደረጃ ወድቃ ነው፤ ያነሳትም እሱ ነበር። ዞሮ ለማየት አልደፈረም።

ጠበቀ። አዳራሹ ጸጥ አለ፤ የሚሳል እንኳ ጠፋ። አሁንም ጠበቀ።

«ሞተ።»

የተፋቀችው ኖታ ናት። ከያዘው ድምፅ ላይ ዕርቃኗን ወደቀች፣ ተጋጨች፣ ሳትታረቅ ቆየች። ከፊት የተቀመጠች አንዲት ወይዘሮ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች።

ተውኔቱ እንዳለቀ ኦርሶላ ፊቷ ነጭ ሆኖ ከመጋረጃው ጀርባ ገባች።

«መምህር፣ እዚህ ማንን ደብቀው ነው?»

«ማንንም።»

«አይቀልዱብኝ! ቃሉ ጉሮሮዬ ላይ ቀርቶ አፌን ከፍቼ ቆሜ ነበር። ከእርስዎ በኩል የሆነች ሴት ቃሉን አለችልኝ። ያውም ተሳስታ፣ ሌላ ኖታ ላይ!»

«እሷ አልተሳሳተችም» አለ ፋውስቲኖ፤ እንባው ጢሙ ውስጥ ገባ። «የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።»

ወረቀቱን ከእጇ ተቀብሎ ኖታዋን ወደ ቦታዋ መለሳት። በቢላዋ የሳሳው ወረቀት ላይ ቀለሙ ወዲያ በኩል ዘለቀ።

በማግስቱ ተውኔቱ ሲደገም ኦርሶላ ራሷ ቃሉን በትክክል አለችው። በግራ ጆሮው ማንም አልተነፈሰም። ፋውስቲኖ ግን እስከ ዕለተ ሞቱ፣ ማንንም ሲያጅብ፣ እዚያ ቃል ላይ ሲደርስ እጁን ገመዱ ላይ አድርጎ ወደ ግራ ዘንበል ይል ነበር። ዘማሪዎቹ «ኧረ መምህር፣ አልፈነዋል እኮ» እስኪሉት ይጠብቃል።