አሥሩ ገበሬዎች የነገሩን

ሞባይል ገና ወደ ገጠር መዝለቅ የጀመረበት ጊዜ ነበር። እኔና አብሮ አደጌ ከኮሌጅ ወጥተን ደብረ ማርቆስ ያለ ሥራ ተቀምጠናል። የከተማውን የድንች ዋጋ በየጠዋቱ ለገበሬ በስልክ የምንነግርበት አገልግሎት እናቋቁም አልኩት። ወደደው። መጀመሪያ ግን አሥር ገበሬ እንጠይቅ ተባብለን ወደ ሮብ ገበያ ወጣን።

የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ «ግሩም ነው፣ ተባረኩ» አሉን። ጓደኛዬ ሥራው የተጀመረ ያህል ፈነደቀ። አራተኛው ድንች የሚያመርቱ ቄስ ነበሩ። «ደግ ሐሳብ ነው፤ ልጆቼ ሲያድጉ ይጠቀሙበታል» አሉ።

ያን ጊዜ ነቃሁ። በእኛ አገር እንግዳ ማሳፈር የማይወድ ሰው እምቢ የሚለው እንዲህ ነው። ስለ አገልግሎታችን ማውራቱን ትቼ፣ «አባ፣ ያለፈውን ድንች እንዴት ሸጡት?» አልኳቸው።

ፊታቸው ተለወጠ። «ኧረ ተወኝ ልጄ! እመጣለሁ ያለው ባለመኪና ቀረ። ተቆፍሮ የተከመረውን ዝናብ መታው። ኋላ ደላላ መጥቶ በወደደው ዋጋ ጠራርጎ ወሰደው።»

«የማርቆስን ዋጋ አያውቁም ነበር?»

«ዋጋውንማ ከገበያ የሚመለስ ሁሉ ይነግረኛል። ማወቄ ድንቹን ይሸከምልኛል?»

የቀሩትንም፣ ተመልሰንም የመጀመሪያዎቹን ሦስቱን፣ እንዲሁ ጠየቅናቸው። ዋጋ ባለማወቄ ተጎዳሁ ያለን አንድ ሰው ብቻ ነው። ሌሎቹ ሁሉ የሚያወሩት ስለቀረ መኪና ነበር። አንዲት ባሏ የሞተባት ሴትማ ጎረቤቶቿን አስተባብራ ድንቹን በአህያ ስታመላልስ መክረሟን ነገረችን።

ከተማ ስንመለስ፣ «ስልኩን እንተወው። ቀኑ የታወቀ፣ የማይቀር መኪና ነው የሚፈልጉት። አስቀድመን እናስመዝግባቸውና አይሱዙ እንከራይ» አልኩት።

ራሱን ነቀነቀ። «የመኪና ሥራ መከራ ነው። ይቅርብን።»

ብቻዬን የምችለው አልነበረም። ደጀን ሄጄ እህል መጋዘን ተቀጠርኩ።

በዓመቱ ለፋሲካ ስመጣ ቄሱን ማርቆስ ገበያ አገኘኋቸው። መስቀል ካሳለሙኝ በኋላ እጄን አልለቅ አሉ። «መኪናችሁ አንድ ቀን እንኳ አልቀረብን! ጓደኛህ ‹እሱ ደጀን ሆኖ ያስተዳድራል› ብሎናል። እኛም እኮ የተመዘገብነው ያን ቀን አጥብቀህ የጠየቅኸንን አንተን አምነን ነው።» ቆመው መረቁኝ። አሜን አልኩ።

ከዚያ በቀጥታ ወደ ጓደኛዬ ሄድኩ። የአጎቱን አይሱዙ እያሳጠበ ነበር።

«ይቅርብን አላልከኝም?» አልኩት።

አላፈረም። «ያንተ ሐሳብ የስልኩ ነበር። የመኪናውን የነገሩን ገበሬዎቹ ናቸው» አለኝ።

«ስሜንስ?»

ወደ አጣቢው ዞሮ «ጎማውን ደህና አድርገህ እጠበው» አለው።

ለገበሬዎቹ እውነቱን ብነግራቸው ተስፋ ቆርጠው ወደ ደላላው እንዳይመለሱ ፈራሁ። ስለዚህ አልነገርኳቸውም። እሱን ግን ከዚያ ወዲህ ሰላም ብዬው አላውቅም።