ባቄላዬ ያላዳነው የአባቴ እግር

አባቴ አንኮበር ውስጥ ቄስ ነበር። ታናሽ ወንድሜ በኩፍኝ ሲሞትበት «ከእንግዲህ ወተትም እንቁላልም ሥጋም አልቀምስም» ብሎ ተሳለ። ስድስት ዓመት ሙሉ ጾምም ፍስክም አንድ ሆነበት። እናቴ ቀድማ ስላረፈች ጓዳው የኔ ነበር።

የገብስ ቂጣ በጨው ብቻ እየበላ ፊቱ አመድ መሰለ። «ቆይ፣ እኔ እያለሁማ!» አልኩ። የባቄላ ስልጆ በጠበጥኩ፤ ምስር፣ አሹቅ፣ የሽምብራ ዓሣ፣ ጎመን አላሳጣሁትም። በሁለት ወር ፊቱ ወዛ፣ ክንዱም ሞላ። ጎረቤት «እጅሽ ይባረክ» ሲለኝ እንዴት እንደኮራሁ አይጠየቅ።

«እግሬ ግን ጥጥ የረገጥኩ ይመስለኛል፤ ምላሴም ያቃጥለኛል» ይለኝ ነበር።

«ብርድ ነው» እለውና ስልጆ እጨምርለታለሁ።

አንድ እሑድ በቅዳሴ መሀል ጽዋውን እንደያዘ ተንገዳገደ። ዲያቆኑ ደገፈው እንጂ ጉድ ሆኖ ነበር። ቤት ገብቶ «ጽዋውን ከጣልኩ ምን ቄስ ነኝ?» ብሎ አለቀሰ። በማግስቱ ደብረ ብርሃን ወሰድኩት።

ሐኪሙ እግሩን በመርፌ ጫፍ ነካ ነካ አደረገው፤ አባቴ አልተሰማውም። ለመጨረሻ ጊዜ ወተት የጠጣው መቼ እንደሆነ ጠየቀና እንዲህ አለ፦ «እህልና ጥራጥሬው ሰውነትዎን ጠግኖታል፤ ደምዎንም መልሶታል። ነርቭ የሚጠብቀው ቢ አሥራ ሁለት የሚባለው ቫይታሚን ግን ባቄላም ውስጥ ገብስም ውስጥ የለም። ፍስክ የሚበላ ሰው ከወተቱና ከእንቁላሉ በጉበቱ ያጠራቅምና ጾሙን ይሻገርበታል። እርስዎ ስንቅዎን ጨርሰዋል።» ወደ እኔ ዞረ። «የፊቱ ወዝ አታሎሻል።»

ወይኔ! መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ሐኪሙ በመርፌ የቀዳው መድኃኒት ቀይ ነበር። አባቴ ክንዱን ሰበሰበ። «ከምን የተሠራ ነው?»

«ዱሮ ከከብት ጉበት ይወጣ ነበር፤ ይኼኛው በዓይን ከማይታይ ተሕዋስ ነው።»

«የነፍስ አባቴን ሳልጠይቅ አልወጋም።»

«አባባ፣ በሬ ይታረድልህ አላሉህ!» ብዬ ጮህኩበት። አልሰማኝም።

የነፍስ አባቱ እዚያው ከተማ የሚኖሩ ሽማግሌ መነኩሴ ነበሩ። ሁሉን ሰምተው «በበዓለ ሃምሳ ጾም የለም እያልክ ሰው ታስተምራለህ፤ አንተን እንድትጾም ማን አዘዘህ?» አሉት። «ስለትህን ፈትቼሃለሁ፤ መርፌውን ተወጋ። ቀኖናህም ፍስክ በሆነ ቀን ሁሉ ወተትና እንቁላል መብላት ነው።»

«አባቴ፣ ቀኖናዬን ስግደት ያድርጉልኝ።»

«ስግደቱማ ይቀልሃል!»

መርፌውን ተወጋ። ምላሱ ቶሎ ዳነ። እግሩ ግን ስለዘገየን እንደደነዘዘ ቀረ፤ ከዘራ ያዘ፣ ጽዋውንም ለሌላ ቄስ ተወ። ያ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ጊዜው ሁዳዴ ነበርና ፋሲካ ሲደርስ ወተት አፍልቼ ሰጠሁት። ብርጭቆውን በሁለት እጁ ያዘ።

«ይህን ከጠጣሁ ልጄን የረሳሁት ይመስለኛል» አለኝ።

«እኔስ ልጅህ አይደለሁም?» አልኩት። ተናድጄ ነበር።

ቀና ብሎ አየኝና ጠጣው።