መረቡ ውስጥ ተሰፍቶ የቀረው

ወደቡ አጠገብ ባለው የባሕር እንስሳት ምዝገባ ቢሮ እናቷ ባወጣችላት ስም የሚጠራት ሰው የለም፤ ለሁሉም «ወይዘሮ ምናልባት» ናት። ስሙን ያወጡላት ጠላቂዎች ናቸው። ውሃ ውስጥ ያነሡትን ፎቶ ይዘው ይመጡና ጠረጴዛዋ ላይ ተደግፈው፣ ይሄ ሻርክ ነው ወይስ ሬይ ብለው ይጠይቋታል። እሷም መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ፣ አፍንጫዋ ኮምፒውተሩን ሊነካ እስኪደርስ ተጠግታ፣ ብዙ ቆይታ «ምናልባት» ትላለች። ምናልባት ምን? እሱን ነገ ነው የምትነግራቸው።

ሰው አይፈረድበትም፣ ነገሩ ቀላል ይመስለዋል። ሬይ የሻርክ ጠፍጣፋ ዘመድ ነው፤ እንግዲህ ጠፍጣፋው ሬይ፣ ረጅሙ ሻርክ፣ አለቀ። ግን አላለቀም። ጠፍጣፋ ሻርክ አለ፣ ረጅም ሬይም አለ፤ ልብስ እንደተዋዋሱ እህትማማቾች ናቸው፣ ከሩቅ አይተህ ስትጠራቸው ሌላዋ ዞር ትላለች። ስለዚህ ወይዘሮ ምናልባት ቅርጽ አታምንም። መጀመሪያ የደረት ክንፉን ነው የምታየው፦ ከጭንቅላቱ ጋር ተጣብቆ አንድ ሆኗል ወይስ ከጭንቅላቱ ተለይቶ ለብቻው ወጥቷል? ተጣብቆ ከሆነ ሬይ ነው፣ ከተለየ ሻርክ። ቀጥላ አፉን ትፈልጋለች፦ ከፊት ጫፍ ላይ ነው ወይስ ከሥር? አፍ ብቻውን ግን አይፈርድም፣ ከሥር በኩል አፍ ያለው ሻርክ ሞልቷል። ሁለቱ ሲስማሙላት ደስ ይላታል። ካልተስማሙ ምሳዋን ትረሳለች።

ወደዚህ ሥራ የገባችውም በዚያው በግራ መጋባት ነው። የተቀጠረችው ደብዳቤ እንድትጽፍ ነበር። ፎቶ የሚለየው ሰው ጡረታ ሲወጣ ወንበሩ ክፍት ሆነ፣ ሰው እስኪገኝ ድረስ ተቀመጪ ተባለች፣ ሰውም ሳይገኝ ፀጉሯ ሸበተ። ትዳሯም ቢሆን እንደዚያው ነው። ባሏ አግቢኝ ሲላት ያገኘው መልስ ያው የታወቀው ቃል ነው። ጠላቂ በመሆኑ ትንፋሽ መያዝ ያውቃልና ጠበቀ። ነገሩ መቼ «እሺ» እንደሆነ እስከ ዛሬ ሁለቱም አያውቁትም፤ ብቻ ልጆች ወልደው ድረዋል።

ባሏ የሚሠራው ከወደቡ ወጣ ብሎ ባሕር ላይ በተንሳፈፈ የዓሣ እርሻ ነው። እርሻው ግዙፍ ክብ መረብ ነው፤ አፉ ውሃው ላይ፣ ታቹ ጥልቁ ውስጥ። ዓሣው እዚያ ውስጥ ይደልባል፣ ባሏ ደግሞ እየጠለቀ የተቀደደውን ይሰፋል። ሰሞኑን ማዕበል የመረቡን ታች ቀዶት ነበርና፣ ትናንት ውስጥ ገብቶ ሲሰፋ ውሎ ጨርሻለሁ ብሎ ወጣ።

ዛሬ ጠዋት እሱና የእርሻው ኃላፊ ቢሮዋ ድረስ መጡ። ኃላፊው ፊቱ አመድ መስሏል። ባሏ ደግሞ ቆቡን በእጁ ያሽከረክራል፤ ይህን የሚያደርገው ሲያፍር ነው። ነገሩ እንዲህ ነበር፦ ኃላፊው ስፌቱን ለማየት ባሏ ግንባሩ ላይ አስሮ የሚጠልቅባት ትንሽ ካሜራ ያነሣቻቸውን ፎቶዎች ሲያገላብጥ፣ መረብ፣ መረብ፣ መረብ፣ ከዚያ አንድ ፊት አየ። በቀዳዳው በኩል አንድ ነገር ገብቶ ኖሯል። ባሏም ቀዳዳውን ጥርቅም አድርጎ ሰፍቶ፣ እንግዳውን ውስጥ ዘግቶበት ወጥቷል። አላየውም፤ ዓይኑ መርፌው ላይ ነበር።

ውሃው ደፍርሷል፣ ከላይ ሆኖ ማየት አይቻልም። ኃላፊው የሚፈልገው አንድ ቃል ነው። ሬይ ከሆነ ባሏ ይገባል፣ የሰፋውን ይተረትራል፣ እንስሳውን በቀስታ ነድቶ ያስወጣል። ሻርክ ከሆነ ማንም አይገባም፤ ጦር የሚተኩስ ሰው ይመጣና ይገድለዋል። ባሏም ገና ሳትጠየቅ፣ እሷ ሬይ ካለች እገባለሁ ብሎ ተናግሮ ነበር።

ፎቶውን ከፈተችው። አረንጓዴ ጭጋግ መሐል አንድ ነጭ ነገር ቀጥ ብሎ ቆሟል። ሁለት ጨለም ያሉ ዓይኖች፣ ከእነሱ ዝቅ ብሎ ወደ ጎን የተዘረጋ የተኮሳተረ አፍ። ከጥልቁ ወደ ላይ፣ ወደ ባሏ እየመጣ ፊት ለፊት የሚያፈጥ ነው የሚመስለው። አፉ ከፊት ነው ማለት ነው። አፉ ከፊት የሆነ፣ ክንፉ የሰፋ፣ ከሥር ተነሥቶ የሚመጣ እንስሳ ታውቃለች፦ አሸዋ ውስጥ ተቀብሮ የሚያደባ፣ ሲነኩት ዘሎ የሚነክስ ጠፍጣፋ ሻርክ። ሻርክ ልትል አፏን ከፈተች።

ክንፉ ግን አልተስማማም። አስፍታ አየችው። የደረት ክንፉ ጠርዝ ሳይቋረጥ ከጭንቅላቱ ጎን ጋር አንድ ሆኖ ይሄዳል። ያ ያሰበችው ሻርክ ቢሆን ኖሮ ክንፉ ከጭንቅላቱ የሚለይበት፣ የሚተነፍስባቸው ስንጥቆችም የሚገቡበት ጎድጓዳ ቦታ ይታይ ነበር። የለም። እንግዲህ አፉ ሻርክ ነኝ ይላል፣ ክንፉ ሬይ ነኝ ይላል። ነገሩ ውሉ ጠፋባት። መነጽሯን አወለቀች፣ ጠረገች፣ መልሳ አደረገች፤ ፎቶው ያው ነው። ሌሎቹን ፎቶዎች አየች፤ ሁሉም መረብ ብቻ ነው። መረብ ደግሞ ላይ የለው ታች፣ ቢያገላብጡት ያው መረብ ነው።

ኃላፊው ትንፋሹን በረጅሙ ለቀቀ።

«እህቴ፣ ምናልባት የሚለውን ዛሬ ተይልኝ። ሰው ነው የሚገባው።»

«ሰውየውን እኮ አውቀዋለሁ፣ ጋሼ» አለችው።

ቢቸግራት እንስሳውን ትታ ዙሪያውን ማየት ጀመረች። ዳር ላይ የባሏ ትንፋሽ አረፋዎች አሉ። ትልልቆቹን ልብ ብላ አየቻቸው። የጠላቂ ፎቶ ስታይ የኖረች ሰው ናትና ትልቅ አረፋ ሲወጣ ምን እንደሚመስል ታውቃለች፦ እንደተደፋ ጎድጓዳ ሳህን ነው፤ ጉብታው ወደ ላይ፣ ጠፍጣፋው ወደ ታች። እነዚህ ግን ሾርባ ሊቀዳባቸው የተዘጋጁ ይመስል ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል። ጉብታቸው ወደ ታች ነው።

ወደ ባሏ ዞራ፣ ታቹን ሲሰፋ እንዴት ሆኖ እንደነበር ጠየቀችው። ጥያቄው ለባሏ አልገባውም።

«እንዴት እሆናለሁ? በጭንቅላቴ ተተክዬ ነዋ! እግሬ ወደ ላይ።»

ካሜራዋም ግንባሩ ላይ ናት። ወይዘሮ ምናልባት ፎቶውን ገለበጠችው።

እንስሳው የሚመጣ አልነበረም፤ የሚወርድ ነበር። በአፍንጫው ወደ ታች ተደፍቶ፣ ሆዱን ለካሜራው ሰጥቶ፣ የገባበትን ቀዳዳ እየፈለገ ነበር። ነጩ ነገር ፊቱ ሳይሆን ሆዱ ነው። ዓይን የመሰሉት ሁለቱ የአፍንጫ ቀዳዳዎች ናቸው። ከእነሱ በታች ረጅም ሹል አፍንጫው ጭጋጉ ውስጥ ይጠፋል፤ ስለዚህ አፉ ከፊት አይደለም፣ ከሥር ነው። ከአፉ አለፍ ብሎም በሆዱ በኩል፣ በግራም በቀኝም፣ የሚተነፍስባቸው ስንጥቆች ተደርድረዋል። የሻርክ ስንጥቅ ጎኑ ላይ ነው፣ የሬይ ከሥሩ። ላይኛው ጥግ ላይ ደግሞ ወፍራም ጅራትና ከጀርባው ብቅ ያሉ ሁለት ትልልቅ ክንፎች ጥላ ይታያል፤ ከላይ ያየው ሰው ሻርክ ብሎ የሚሸሸው ረጅሙ ሬይ ነው። ክንፍና አፍ ታረቁላት።

«ሬይ ነው» አለች። ቀጥላም ማንም ከእሷ ሰምቶት የማያውቀውን ተናገረች፦ «እርግጠኛ ነኝ።»

ኃላፊው ደነገጠ። ወዲያው፣ ጅራቱ ይወጋ እንደሆነ ጠየቀ። የሚወጉት ጅራታቸው እንደ አለንጋ የቀጠነው ናቸው፣ ይሄ ወፍራምና ባለ ክንፍ ነው፣ አፉም ትንሽ ነው፣ ሸርጣንና ቀንድ አውጣ መሰባበሪያ ነው አለችው። የትኛው ረጅም ሬይ እንደሆነ ሲጠይቃት ግን ወደ አመሏ ተመለሰች። ምናልባት ነጠብጣብ ያለበት፣ ምናልባት ሌላው፤ ጀርባውን አላየችም።

ባሏ ቆቡን አጠለቀ። ያኔ ነው ፍርሃቱ የመጣባት። ቃሏን መልሳ ብትውጠው በወደደች። ጀልባው ላይ ሳትጠራ ገባች፣ ማንም ውረጂ ለማለት አልደፈረም።

ባሏ ሲጠልቅ የመረቡን ጠርዝ ይዛ ቀረች። ውሃው ላይ የሚፈነዳውን አረፋ እያየች ራሷን ትጠይቅ ጀመር። አረፋው እንደዚያ መሆኑን ማን ነገራት? አፍንጫ ያለችው ዓይን ቢሆንስ? ያየችው ስንጥቅ የመረቡ ጥላ ቢሆንስ? ልቧ አንዴ ሬይ ይላል፣ አንዴ ሻርክ። ዕድሜዋን ሁሉ በምናልባት ተከልላ ኖራ፣ አንድ ቀን እርግጠኛ ብትሆን በቃሏ ውሃ የሚገባው የገዛ ባሏ ሆነ። አረፋው ቀነሰ። ከዚያ ለጥቂት ጊዜ ጠፋ። መረቡን የያዙት ጣቶቿ ነጭ ሆኑ፤ ኃላፊውም የሚያየው ጣቶቿን እንጂ ውሃውን አልነበረም።

ከመረቡ ውጭ፣ ጀልባው አጠገብ፣ ሁለት ረጃጅም ክንፎች ውሃውን ሰንጥቀው ብቅ አሉ፤ ልክ እንደ ሻርክ። ኃላፊው ወደ ኋላ አፈገፈገ። ከውሃው ሥር ግን ሰፊ ትከሻና ሹል አፍንጫ፣ ጀርባውም ላይ የተበተነ ነጭ ነጠብጣብ ታየ፤ ወዲያው ወደ ጥልቁ ወርዶ ተሰወረ። ቀጥሎ ባሏ ከመረቡ መሐል ጭንቅላቱን አወጣና የአየር ቱቦውን ከአፉ ነቀለ። እንስሳው በቀዳዳው ከወጣ በኋላ እንዳይመለስ እጁን ዘርግቶ ጠብቆ፣ ቀዳዳውን መልሶ ሰፍቶ ነው የመጣው። ትንፋሹን ሰብሰብ አድርጎ ጠርዙን ያዘና ቀና ብሎ አያት።

«አንቺ ሴት፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አላት። «አግቢኝ ስልሽ ምናልባት አልሽ። ዛሬ ለማታውቂው ዓሣ እርግጠኛ ነኝ አልሽ። እኔ ከዓሣ አንሼ ነው?»

ወይዘሮ ምናልባት እንባዋ ይወርዳል፣ ሳቋም ይመጣል፤ የቱ እንደሚቀድም ለራሷም ግራ ገብቷታል። እጇን ሰዳ እርጥብ ጭንቅላቱን ያዘችው።

«አንተን እኮ» አለችው፣ «ገልብጬ አይቼህ አላውቅም ነበር።»