የመክፈቻው ንግግር ለሮዳስ ሲሰጥ

ክረምት ከመግባቱ በፊት የአቅመ ደካሞችን ቤት የሚጠግኑትን የሰፈሩን በጎ ፈቃደኞች ሰባት ዓመት ሙሉ በንግግር ያስጀመሩት ጋሽ አሻግሬ ናቸው። ከፋብሪካ ጡረታ የወጡ ግንበኛ ናቸው። ያስቃሉ፣ ይመርቃሉ፣ ከዚያ ሁሉም አካፋውን ይዞ ይወጣል። ዘንድሮ ግን የኮሚቴው ሰብሳቢ፣ ባለሱቁ ሳዲቅ፣ "ጋሼ፣ እርስዎ ይረፉ፤ ሮዳስ ትክፈትልን" አላቸው። ይረፉ! የሚያርፈውስ የሞተ ነው።

ሮዳስ ገላን ኮንዶሚኒየም ከገባች ገና ሁለት ዓመቷ ነው። ቢሮ የምትውል፣ ጭቃ ነክታ የማታውቅ ልጅ። ጋሽ አሻግሬ ከወጣት ማዕከሉ አዳራሽ የኋላ ወንበር ይዘው ስህተቷን ይጠብቁ ጀመር።

ልጅቷ አልተንተባተበችም። ፊት ወደተቀመጡት፣ ዘንድሮ ቤታቸው ወደሚጠገንላቸው እማማ ወለተሥላሴ እያየች፣ "ሥራው አለቀ የምንለው ጣሪያው ማፍሰሱን ትቶ፣ ግድግዳው ደርቆ፣ እማማ ቤታቸው ሲገቡ ነው" አለች። አዲሱን ፈቃደኛ ሁሉ ከነባር ጋር አጣመረች። ጣሪያ ላይ ብቻውን የሚወጣ እንደሌለ፣ ችግር ሲገጥም ለማን እንደሚደወል ተናገረች። ሰው ይጽፋል። በሳቸው ጊዜ የጻፈ አልነበረም። ቅናት አንገበገባቸው። "ለአፍ ዳገት የለውም" አሉ በሆዳቸው።

"ቅዳሜ ጭቃ እናቦካለን፤ እሁድ እንመርጋለን" አለች ሮዳስ።

ጋሽ አሻግሬ ቀና አሉ። ጭድ የገባበት ጭቃ ቀናት ከርሞ፣ እየተረገጠ ካልተብላላ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ዝናብ ሲመታው ይረግፋል። ምን ይደበቃል፣ ደስ አላቸው። ሐምሌ ላይ አገሩ ሁሉ "ጋሽ አሻግሬ ቢይዙት ኖሮ" ይላል።

"ጭቃ ነክታችሁ የማታውቁ እጅ አውጡ" አለችና የራሷን ቀድማ አወጣች። አዳራሹ ሳቀ። "እንግዲህ የምታውቁ ንገሩኝ፤ እቅዱ ላይ ምን ተሳስቻለሁ?"

ነባሮቹ ዞረው ጋሽ አሻግሬን አዩ፤ ታላቅ ተቀምጦ ታናሽ አይቀድምም። እማማ ወለተሥላሴም ዞሩ። "አሻግሬ ልጄ፣ አንተ ታውቃለህ፤ ደህና ነው?"

ጋሽ አሻግሬ እንደ ሮዳስ "ምን ተሳስቻለሁ?" ብለው ጠይቀው አያውቁም። የዛሬ ሁለት ዓመት የጠገኑት ጣሪያ ሲያፈስ፣ ሉቃስ የሚባል አዲስ ፈቃደኛ፣ "አይቼው ነበር፤ ማን ጠየቀኝ?" ብሏቸው ነበር። የአሮጊቷን ዓይን መቋቋም አቃታቸው።

"እሁድ አይመረግም" አሉ ተነስተው። "ጭቃው ሳምንት ይክረም፤ በየቀኑ ይረገጥ። አለዚያ ክረምቱ እላያቸው ላይ ያፈርሰዋል።"

ሮዳስ ሰሌዳው ላይ የጻፈችውን "እሁድ" ሰረዘች። "እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ። እርስዎ ጭቃው ደረሰ ሲሉ ብቻ ነው የምንጀምረው።"

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ጋሽ አሻግሬ ቁጭ አሉ፤ የቅናቱ ቃጠሎ ግን አልበረደም። በሰባት ዓመት ንግግር አግኝተውት የማያውቁት ጭብጨባ ነው፤ እሱንም የሰጠቻቸው እሷ ናት።