ከላይ ያስቀመጥኩት ክህሎት

ሠላሳ አንድ ሰው ዝግጅት በማስተባበር ጎበዝ ነች ብሎ መስክሮልኝ ነበር። እኔን! የገዛ ልደቴን ረስቼ የማልፈውን፣ ሰርግ ቤት ገብቼ ወንበር ሳላገኝ ቆሜ የምመለሰውን ሴትዮ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሰበታ በሚገኝ አንድ የጭማቂ ፋብሪካ ላቦራቶሪ ውስጥ ውሃ ስመረምርና ባክቴሪያ ስቆጥር ነው የኖርኩት። ይህንን ሥራዬን የመሰከረልኝ ሁለት ሰው ብቻ ነበር። ከሁለቱ አንዷ እህቴ ናት፤ እሷ ደግሞ የላቦራቶሪውን በር እንኳ አይታ አታውቅም።

ነገሩ የጀመረው ፋብሪካው ላቦራቶሪውን ወደ አዳማ ሊያዛውር ነው የተባልን ሰሞን ነው። መሄድ የሚፈልግ ይሂድ፣ የማይፈልግ ከመስከረም በፊት ሌላ ሥራ ይፈልግ አሉን። እኔ ቡራዩ ቤት የሠራሁ፣ ሁለት ልጆቼን እዚያው ትምህርት ቤት ያስገባሁ ሰው ነኝ፤ የት ነው የምሄደው? ሱሉልታ አዲስ የተተከለ የታሸገ ውሃ ፋብሪካ የጥራት ክፍል ኃላፊ ሊቀጥር እንደሆነ ሰምቼ ነበር። ያ ሥራ በልኬ የተሰፋ ነበር፤ ያንን ማጣት አልፈልግም ነበር።

ቀጣሪዎች በኢንተርኔት የሥራ ገጽሽን ሳያዩ አይጠሩሽም ተባለና፣ ቡራዩ ከአንድ ዳቦ ቤት ፎቅ ላይ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚሰጥ ሥልጠና ገባሁ። አሠልጣኙ ክራባቱ ከእውቀቱ የሚረዝም ሰው ነበር። አንድ ነገር ግን አልተሳሳተም፦ ገጹ ላይ የምትደረድሪያቸው ክህሎቶች ሃምሳም ይሁኑ፣ ለሚያይሽ ሰው ፊት ለፊት የሚወጡት መጀመሪያ ያሉት ሁለት ሦስቱ ናቸው፤ የቀሩት «ሁሉንም አሳይ» ካልተባለ ተደብቀው ይቀራሉ። ሰውም ኢንዶርስ የሚያደርገው፣ ማለትም ተጭኖ የሚመሰክርልሽ፣ ዓይኑ ያረፈበትን ነው። እስከዚህ ልክ ነው። ከዚያ ወዲያ ግን ጉድ ፈላ! የላቦራቶሪ ነገር ሰው አይስብም፣ ከላይ «ዝግጅት ማስተባበር»፣ «አመራር»፣ «ተግባቦት» አድርጉ አለን። እኛም ሠላሳ ምናምን የተማርን ሰዎች እሺ ብለን አደረግን። የምንፈልገው ሥራ ምንድን ነው ብሎ የጠየቀ ከመካከላችን አንድም አልነበረም። እኔም አልጠየቅኩም።

ቀጥሎ ደግሞ ደቦ ገባን። የሥልጠናው ሰው ሁሉ በቴሌግራም ተሰባስቦ፣ ዛሬ የእሷን፣ ነገ የእሱን፣ ሁሉም ከላይ ያለውን ይጫን ተባለ። ጤፍ የምናጭድ ነው የመሰለን። በሳምንቱ ዝግጅት አስተባባሪ ሆኜ አረፍኩት። እኔም በበኩሌ መልኩን በውል ለማላውቀው ሰው በአመራር ብቃቱ መሰከርኩለት። አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

በዚሁ መሃል የቀድሞ አለቃዬ፣ ሁላችንም ኦቦ የምንላቸው፣ ላቦራቶሪውን ያቋቋሙትና ጡረታ ወጥተው ሰበታ የሚኖሩት ሰውዬ፣ እሳቸውም ዝግጅት ማስተባበሬን ተጭነውልኝ አገኘኋቸው። በቃ፣ ከዚያ በኋላ ከላይ ማንሳት አልቻልኩም። የእሳቸውን ምስክርነት ወደ ታች ባወርደው ንቄያቸው አይሆንብኝም? ይሉኝታ ያዘኝ። ሥራ የሚፈልግ ሰው ክህሎቱን በይሉኝታ ሲደረድር እስቲ አስቡት።

አብራኝ የምትሠራ፣ ሥራውን እኔው ያስተማርኳት ልጅ አንድ ቀን ሰርቪስ ውስጥ ገጼን አይታ፣ «እትዬ፣ የውሃ ምርመራውን ለምን ከላይ አታደርጊውም? ጎትቶ ማውጣት ብቻ እኮ ነው፤ የተጫነልሽ ምስክርነት አይጠፋም፣ የሚጠፋው ክህሎቱን ከሰረዝሽው ነው» አለችኝ። ልጅቷን አናናቅኳት። የእሷን ገጽ ሳየው ከላይ ሦስቱ የውሃ ምርመራ፣ የላቦራቶሪ ትንተናና የምግብ ደህንነት ናቸው፤ አንድም ሰው አልመሰከረላትም። አሳዘነችኝና የመጀመሪያውን ተጫንኩላት። ከስሜ ሥር «ከፍተኛ የላቦራቶሪ ባለሙያ» ይላል፤ ከነስሜ እሷ ገጽ ላይ ደምቆ ወጣ። ሠላሳ አንድ ምስክር ያለኝ እኔ፣ ለዚያች ምስኪን ምጽዋት የሰጠሁ መስሎኝ ነበር።

ለሱሉልታው ሥራ አመለከትኩ። በአሥረኛው ቀን የሰው ኃይል ኃላፊዋ ደወለችልኝ። ሴትየዋ በትሕትና ገጼን እንዳየችው፣ ፋብሪካው በቅርቡ እንደሚመረቅና የምረቃውን መድረክ እንድመራላቸው እንደፈለጉ ነገረችኝ። የጥራት ክፍሉስ ስላት፣ በዚያ በኩል ገጼ ላይ ብዙም ነገር እንዳላየች ነገረችኝ። አስብበታለሁ ብዬ ዘጋሁት። ሠላሳ አንድ ምስክር! የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም የሚባለው ለካ ለእኔ ነው።

በማግስቱ ሰበታ ኦቦ ቤት ሄድኩ። አካም ጂርታ ብለው ተቀበሉኝ። ምስክርነትዎን ዝቅ ላደርገው ነው፣ እንዳይቀየሙኝ ብዬ እየተርበተበትኩ ነገርኳቸው። ስልካቸውን አወጡ፣ መነጽራቸውን አደረጉ፣ ገጼን ከፍተው ቆዩ። ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ።

«እኔ የተጫንኩት አንቺ ከላይ ያስቀመጥሽውን ነው» አሉኝ። «ይህን ሙያ ትታ ሌላ ሥራ ልትጀምር ነው ብዬ አዝኜ ነበር።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እዚያው ተቀምጬ የውሃ ምርመራን ጎትቼ ከላይ አደረግኩት፣ የጥራት ቁጥጥርን ከሥሩ፤ ዝግጅት ማስተባበርን ወደ አሥራ ሰባተኛው ገፋሁት። ኦቦ የውሃ ምርመራውን ተጫኑልኝ፤ ሥራዬን ለሚያውቁ ሁለት የድሮ ባልደረቦቼም ደውለው አስጫኑልኝ። ሥራው ሩብ ሰዓት አልፈጀም። ለሱሉልታዋ ሴትዮ መልእክት ላክሁላት። ዘገየሽ፣ ቦታው ተይዟል አለችኝ።

ማን እንደያዘው ሰኞ ጠዋት ሰርቪስ ውስጥ ሰማሁ። ልጅቷ አቅፋ ሳመችኝ። ጠያቂዎቹ ከላይ ያለውን ክህሎቷን ከፍተው፣ ከዚያው ላቦራቶሪ ከፍተኛ ባለሙያዋ ራሷ መስክራልሻለች እንዳሏት ነገረችኝ። ምስጋናዋ ከልቧ ነበር። እንኳን ደስ አለሽ አልኳት። መስኮት መስኮቱን እያየሁ ፋብሪካ ደረስን።

መስከረም ደረሰ፤ ሥራ አላገኘሁም። ምረቃውን እሺ አልኩ። በሱሉልታ ብርድ፣ ድንኳን ውስጥ፣ ማይክ ጨብጬ ቆምኩ፤ የሚገርመው ቃል አልተሳሳትኩም። እንግዶቹን በየተራ ጠራሁ፣ ሪቫኑ ተቆረጠ፣ በመጨረሻም ድምፄን ከፍ አድርጌ የጥራት ክፍል ኃላፊዋን ወደ መድረክ ጋበዝኩ። ነጭ ጋውኗን ለብሳ ወጣች። የማስጨብጨቡንም ሥራ የሠራሁት እኔ ነኝ።

በማግስቱ ገጼን ስከፍት አንድ አዲስ ምስክርነት ጠበቀኝ፤ ከእሷ ነው። ልጅቷ ክፋት የለባትም፤ ያየችውን ነው የመሰከረችው። ሁሉንም አሳይ ብላ፣ እስከ አሥራ ሰባተኛው ወርዳ፣ ዝግጅት ማስተባበርን ፈልጋ ተጭናልኛለች።